ተረትና እውነታ፦ የቆሎው «ለውዝ» ዓረብኛ ሲደርስ

ሪያድ ወይም ዱባይ ለምትሠራ ልጅ ከአገር ቤት ቆሎ ይላካል። ቆሎው አሠሪዎቿም ፊት ይቀርባል፤ የቤቱ እመቤት አፏ ውስጥ ከመጨመሯ በፊት «ምን ምን አለበት?» ብላ ትጠይቃለች። ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ መልሱ ግን አንድ ቃል ሲሳሳት ሰው ሆስፒታል ሊያስገባ ይችላል።

ተረት፦ ለውዝ በዓረብኛም ለውዝ ነው።

እውነታው፦ ድምፁ አንድ ነው፣ ፍሬው ሌላ። እኛ ለውዝ የምንለው በአብዛኛው ከመሬት ተቆፍሮ የሚወጣውን ኦቾሎኒ ነው። ዓረብ «ለውዝ» ሲሰማ የሚታየው ዛፍ ላይ የሚበቅለው፣ በመጽሐፍ ቅዱስ የአሮን በትር ያፈራችው ፍሬ ነው። ኦቾሎኒ ግን የባቄላና የአተር ዘመድ ነው፤ የዓረብኛ ስሙም «ፉል ሱዳኒ» ነው፣ የሱዳን ባቄላ ማለት። ኦቾሎኒ የማይስማማው ሰው የዛፉ ለውዝ ሊስማማው ይችላል። ስለዚህ ከቆሎው ላይ «ለውዝ» የሚል ካነበበ ያለ ስጋት ይበላል። ከዚያ በኋላ በደቂቃዎች ውስጥ ከንፈርና ጉሮሮ ሊያብጥ፣ ትንፋሽ ሊያጥር፣ የደም ግፊት ሊወርድ ይችላል።

ስሙን ማሳጠርም እንዲሁ አደገኛ ነው። «ሱዳኒ» የሚለው ተትቶ «ፉል» ብቻ ከተጻፈ ባቄላ ይሆናል። ባቄላ ሲበሉ ቀይ የደም ሕዋሳቸው የሚፈርስባቸው ሰዎች አሉ። በዓረቡ ዓለም ሕመሙ «አኒምያ አል-ፉል» ተብሎ ይታወቃል። እነሱ ጽሑፉን አይተው ቆሎውን ይተዉታል፤ መተው የነበረበት ግን የኦቾሎኒ አለርጂ ያለበት ነበር፣ እሱ ይበላዋል። «ሙከሰራት» ብሎ ማለፍም አይበቃም፤ ቃሉ ለውዙን፣ ካሹውን፣ ፒስታቺዮውን በጅምላ የሚጠራ ነውና የትኛው እንዳለ አይነግርም።

ተረት፦ ስንዴ ከሌለበት ግሉተን የለበትም።

እውነታው፦ ገብስም ግሉተን አለው። የቆሎው ዋና እህል ገብስ ስለሆነ ይህ ቸል የሚባል አይደለም። አንድ ከረጢት ቆሎ እንውሰድና ዝርዝሩን ወደ ዓረብኛ እናሻግረው። የተቆላ ገብስ «ሸዒር» ነው፣ ከጎኑ «የሕተዊ ዐላ አል-ግሉተን» ይጻፋል፣ ግሉተን አለበት ማለት ነው። ሽምብራው «ሑሙስ» ነው። ሱፍ ላይ ሲደረስ ግን ቆም ማለት ያስፈልጋል። በእኛ ሱፍ ሁለት ዘሮችን ይጠራል፤ አንደኛው በዓረብኛ «ቁርጡም»፣ ፀሐይ ተከታዩ ደግሞ «ዐባድ አሽ-ሸምስ» ነው። በቀጥታ «ሱፍ» ተብሎ ከተጻፈ ዓረቡ የበግ ጠጉር ብሎ ነው የሚያነበው። መጨረሻው ፉል ሱዳኒና ጨው፣ «ሚልሕ»። ዳቦ ቆሎ ከሆነ ስንዴው «ቀምሕ» ነው፤ ንጥር ቅቤ ካለበት «ሰምን» ብቻ አይበቃም፣ «ሰምን ነባቲ» የሚባል የአትክልት ቅቤ ገበያ ላይ አለና። «ሰምን በቀሪ» ሲባል ከላም የመጣ መሆኑ ይለያል፤ ወተት የማይስማማው ሰው የሚፈልገው ይህንን ነው።

ተረት፦ አሳማ ካልተጠቀሰ ሐላል ነው፤ ኢ 471 ካለ ደግሞ ሐራም ነው።

እውነታው፦ ከቆሎ ወጥተን ወደ ፋብሪካ የታሸገ ምግብ ስንሻገር ሁለቱም መደምደሚያዎች ቸኩለዋል። ኢ 471 ዘይትና ውሃ እንዳይለያዩ የሚያደርግ፣ ከስብ የሚሠራ ማዋሃጃ ነው። ስቡ ከዘንባባ ወይም ከአኩሪ አተር፣ ወይም ከእንስሳ ሊመጣ ይችላል፤ ቁጥሩ ምንጩን አይናገርም። ጄላቲንም እንዲሁ ከአሳማም ከላምም ይሠራል፤ የላም ቢሆን እንኳ ከብቱ እንዴት እንደታረደ መታወቅ አለበት። እዚህ ላይ የተርጓሚው ፈተና ደግነት ነው፤ አንባቢውን ለማረጋጋት «ነባቲ» የሚል ቃል ከኪሱ ይጨምራል። እኔ ይህን እንደ ውሸት እቆጥረዋለሁ። ማሸጊያው ላይ ምንጩ ካልተጻፈ ትርጉሙም «አል-መስደር ገይር ሙሐደድ» ይበል፣ ምንጩ አልተገለጸም ማለት ነው፤ ከዚያ አምራቹ በጽሑፍ ይጠየቅ። «ቀድ የሕተዊ»፣ ማለትም «ሊኖርበት ይችላል» የሚለውም «ቀድ» ተነጥሎ «አለበት» እንዳይሆን፣ ወይም ሐረጉ በሙሉ እንዳይጣል መጠበቅ አለበት።

ቆሎ ለምትልኩ እናቶችና እህቶች አንድ ልመና አለኝ። ዓረብኛ የሚጽፍ ሰው ፈልጋችሁ በከረጢቱ ላይ «ፉል ሱዳኒ» የሚለውን ሙሉውን አስጽፉ፤ «ለውዝ» ብላችሁ አትላኩ።