ከመምህርነት ወደ ቢሮ አስተዳደር፦ ሮስተር እንደ ሥራ ልምድ

ከመምህርነት ወደ ቢሮ አስተዳደር የሚያመለክት ሰው መጀመሪያ የሚያስቸግረው የሥራ ልምድ ማስረጃው ነው። ወረቀቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠቅሰው የሥራ መደቡን፣ ደመወዙንና የአገልግሎት ዘመኑን ስለሆነ ቀጣሪው «የባዮሎጂ መምህር» ከሚለው አልፎ የሚያየው ነገር የለም።

የክፍል ኃላፊ የነበረ መምህር ግን የቢሮ ሥራ ሠርቷል። ሴሚስተሩ ሲያልቅ ከየትምህርት ዓይነቱ መምህር ውጤት ይሰበስባል፤ የዘገየውን ይወተውታል፤ ሮስተር ሞልቶ ድምርና ደረጃ ያወጣል፤ አመሳክሮም ካርድ ለወላጅ ያስረክባል። በሲቪ ላይ «የክፍል ኃላፊ ነበርኩ» ማለት ይህን ሁሉ ይደብቀዋል። «የ60 ተማሪዎችን ውጤት ከ9 መምህራን ሰብስቤ፣ አመሳክሬ በቀነ ገደቡ አስረክቤአለሁ» ሲባል ግን የመረጃ አያያዝና የክትትል ችሎታው ቁልጭ ብሎ ይታያል። ቁጥሩ የአመልካቹ የራሱ እውነተኛ ቁጥር መሆን አለበት፤ ቃለ መጠይቅ ላይ ዝርዝሩ ይጠየቃልና።

ጥንቃቄ የሚሻው የኮምፒውተሩ ጉዳይ ነው። ሮስተሩን በእጅ ብቻ የሞላ ሰው «ኤክሴል እችላለሁ» ብሎ ቢጽፍ የተግባር ፈተናው ያጋልጠዋል። ከማመልከቱ በፊት የቆየ ሮስተር ወስዶ፣ የተማሪዎቹን ስም አስቀርቶ በኤክሴል እንደገና ቢሠራውና ድምሩን በ`SUM`፣ ደረጃውን በ`RANK` ቢያወጣ ችሎታውን ሳያጋንን መጻፍ ይችላል።