ያለፈውን ዋጋ የሸመደደ ደንብ

አሜሪካዊው የገበያ ተመራማሪ ዴቪድ ላይንዌበር በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ከኤስ ኤንድ ፒ 500 የአክሲዮን መለኪያ ጋር አብሮ የሚወጣና የሚወርድ ቁጥር በመረጃ ክምችት ውስጥ ሲያስስ የባንግላዴሽ ቅቤ ምርት ላይ ደረሰ። ቅቤው ብቻውን ከመለኪያው መዋዠቅ 75 በመቶውን የሚገልጽ ይመስል ነበር። የአሜሪካ አይብና የሁለቱ አገሮች የበግ ብዛት ሲታከሉበት ግጥምጥሙ 99 በመቶ ደረሰ። ቅቤና አክሲዮን እንደማይገናኙ ላይንዌበር ያውቃል፤ ይህን ያደረገው ባልደረቦቹን ለማስጠንቀቅ ነው። ብዙ ቁጥር ያገላበጠ ሰው የሚገጥም ነገር አያጣም።

ኮምፒዩተር በራሱ የሚገዛበትንና የሚሸጥበትን ደንብ የሚያዘጋጁ ሰዎችም እዚሁ ወጥመድ ውስጥ ይገባሉ። ደንቡ ቀላል ነው እንበል፦ የአጭር ጊዜው አማካይ ዋጋ የረጅሙን አልፎ ሲወጣ ግዛ፣ ከሥሩ ሲወርድ ሽጥ። ግን የስንት ቀን አማካይ? ለአጭሩ ከ5 እስከ 50 በአምስት አምስት፣ ለረጅሙ ከ60 እስከ 200 በሃያ ሃያ ቢሞከር 80 ጥንዶች ይወጣሉ። ከሰማንያው አንዱ በዕድል ብቻ ያማረ ትርፍ ያሳያል። ቤይሊ፣ ቦርዌይን፣ ሎፔዝ ደ ፕራዶና ዡ በ2014 (እ.ኤ.አ.) ባሳተሙት ስሌት፣ የአምስት ዓመት ዕለታዊ ዋጋ ይዞ ከ45 በላይ ነጻ አማራጮችን የሞከረ ሰው፣ ለነገ ምንም የማይረባ ደንብ እንኳ በትናንቱ ዋጋ ላይ ግሩም ሆኖ ሊያገኘው ይችላል። የአምናውን ፈተና መልስ የሸመደደ ተማሪ የዘንድሮውን አያልፍም።

ሮበርት ፓርዶ በ1992 (እ.ኤ.አ.) መጽሐፉ ያስተዋወቀው «ዎክ ፎርዋርድ» የተባለው ዘዴ ደንቡን ባላየው ጊዜ ይፈትነዋል። ከ2010 እስከ 2019 (እ.ኤ.አ.) የተመዘገበ ዋጋ ካለ፣ ምርጡ ጥንድ ከ2010–2013 ብቻ ይመረጥና ሳይነካ በ2014 ላይ ይሞከራል። ከዚያ መስኮቱ አንድ ዓመት ይገፋል፤ በ2011–2014 ተመርጦ በ2015 ይፈተናል። እንዲህ እስከ 2019 ሲኬድ ስድስት የፈተና ዓመታት ይገኛሉ። የሚቆጠረው የእነዚህ ስድስቱ ውጤት ብቻ ነው።

ውጤቱ ራሱ ብዙ ይናገራል። የተመረጠው ጥንድ አንድ ዓመት 10 እና 60፣ በማግስቱ 45 እና 200 እየሆነ ከዘለለ ደንቡ የያዘው ነገር የለም። 20 እና 100 አትርፎ ጎረቤቱ 25 እና 100 ከከሰረም ትርፉ የአጋጣሚ ነው ብሎ መጠርጠር ይገባል።

ዘዴው ግን የሚበላሽበት መንገድ አለ፤ ብዙዎችም ሳያውቁት ያበላሹታል። ባለሙያው የስድስቱን ዓመት ውጤት አይቶ ደስ ሳይለው ሲቀር የመስኮቱን ርዝመት ወደ ሦስት ዓመት ይለውጣል፤ እንደገና ያሄዳል፤ አሁንም ይለውጣል። በሃያኛው ሙከራ ያማረ ውጤት ይመጣል። እነዚያ የፈተና ዓመታት ግን አሁን የመምረጫ ዓመታት ሆነዋል፤ ሽምደዳው በጓሮ በር ተመልሷል። ስለዚህ ጠንቃቃው ሰው ስንት ጊዜ እንደሞከረ ይመዘግባል። የ2020ንና የ2021ን ዋጋም ከመጀመሪያው ለይቶ ያስቀምጣል፤ ደንቡ ተቆርጦ ካለቀ በኋላ አንድ ጊዜ ይሞክርበታል። እዚያ ከከሰረ ደንቡ ይጣላል እንጂ በእነዚያው ሁለት ዓመታት ላይ ዳግም አይስተካከልም።