ገንዘቡ የት ደርሶ ነው የጠየቅነው?

ሜሪላንድ የምትኖር አንዲት ዘመዴ ለሳሎኗ ጠረጴዛ በኢንተርኔት አዘዘች። ዋጋው 240 ዶላር ነበር። መክፈያውን ስትጫን ገጹ ደርቆ ቀረባት፤ ደግማ ተጫነች። የክሬዲት ካርዷን ሂሳብ ስታይ 240 ዶላሩ ሁለት ጊዜ ተመዝግቧል። በማግስቱ ግን አንዱ ማንም ምንም ሳይላት ጠፋ። ጠረጴዛው ሲመጣ እግሩ ተሰንጥቆ ስላገኘችው መለሰችው፤ ያ ገንዘብ እስኪገባላት 9 ቀን ፈጀ። ከሌላ ሱቅ ያዘዘችው የ310 ዶላር ምንጣፍ ደግሞ ጭራሽ አልመጣም፤ የሱ ጉዳይ ለባንኳ ካመለከተች በኋላ 70 ቀን ወሰደ። «ካርዱ አንድ፣ ባንኩ አንድ፤ ምን አለያየው?» አለችኝ።

የለያየው ገንዘቡ በተጠየቀበት ሰዓት የነበረበት ቦታ ነው። በካርድ ስንከፍል ገንዘቡ እዚያው አይሄድም። ሱቁ በራሱ ባንክ በኩል የኛን ባንክ «ይህን ያህል መክፈል ይችላል?» ብሎ ይጠይቃል፤ ባንካችን «ይችላል» ካለ ያንን መጠን ይይዘዋል። ስልካችን ላይ Pending ተብሎ የሚታየው ይህ የተያዘ ገንዘብ ነው። ሱቁ የቀኑን ሽያጭ ሰብስቦ ወደ ባንኩ ሲልክ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ውስጥ፣ ሂሳቡ ይወራረዳል።

ሪቨርሳል የሚሠራው ከዚያ በፊት ነው። ሱቁ «ያንን ተወው» የሚል መልእክት ይልካል፤ ባንኩ የያዘውን ይለቅቃል። የወጣ ገንዘብ ስለሌለ የሚመለስም የለም፤ መስመሩ ከዝርዝሩ ይጠፋል እንጂ አዲስ ገቢ አይታይም። የዘመዴ ሁለተኛ ክፍያ በአንድ ቀን የጠፋው በዚህ ምክንያት ነው። ሱቁ መልእክቱን ካልላከ ግን ገንዘቡ የመያዣ ጊዜው እስኪያልቅ ይቆያል፤ ይህም ብዙ ጊዜ አንድ ሳምንት ገደማ ሲሆን ሆቴልና የመኪና ኪራይ ላይ ይረዝማል።

አገር ቤት ኤቲኤም ብር ሳይሰጥ ከሂሳባችን ሲቆርጥም የምንጠብቀው ሪቨርሳል ነው። ማሽኑ «አልከፈልኩም» ብሎ ካሳወቀ ብሩ ቶሎ ይመለሳል። ችግሩ መስመሩ በዚያው ቅጽበት ሲቋረጥ ነው። ያኔ ማሽኑ ውስጥ የቀረው ብር ተቆጥሮ ከመዝገቡ ጋር መመሳከር አለበት። ማሽኑ የሌላ ባንክ ከሆነ ደግሞ ሁለት ባንኮችና መሐል ላይ ያለው ኢትስዊች መዝገባቸውን ማስታረቅ ይኖርባቸዋል፤ ስለዚህ መጠበቁ ይረዝማል።

ሪፈንድ ሌላ ነገር ነው። ገንዘቡ ሱቁ ዘንድ ደርሷል፤ ስለዚህ አዲስ ክፍያ ሆኖ፣ ከሱቁ ባንክ በካርዱ ድርጅት በኩል ወደኛ ባንክ ይመጣል። ቅዳሜና እሑድም አይቆጠሩም። ሱቁ «ልኬያለሁ»፣ ባንኩ «አልደረሰኝም» ሲሉ ብዙዎቻችን አንዳቸው እንደዋሹን እናስባለን፤ ግን ሁለቱም እውነታቸውን ሊሆን ይችላል። ከሱቁ መጠየቅ ያለብን ኤአርኤን የሚባለውን ባለ 23 አሃዝ የመከታተያ ቁጥር ነው። ባንካችን በሱ ፈልጎ ያገኘዋል፤ ሱቁ ቁጥሩን መስጠት ካልቻለ ገና ያልላከው ሊሆን ይችላል። ግዢው በውጭ ምንዛሪ ከነበረ ተመላሹ በመጣበት ቀን ተመን ስለሚሰላ ከከፈልነው ሊያንስ ወይም ሊበልጥ ይችላል።

ቻርጅባክ ግን ክስ ነው ማለት ይቻላል። ሱቁ አልመልስም ሲል ወይም ድምፁን ሲያጠፋ ለራሳችን ባንክ እናመለክታለን፤ ባንካችን ምክንያቱን ጠቅሶ ገንዘቡን ከሱቁ ባንክ ይጠይቃል። ሱቁ ማስረጃ የሚያቀርብበት ጊዜ፣ ብዙውን ጊዜ ሳምንታት፣ ይሰጠዋል። ጊዜ የሚፈጀው ይህ ነው። በአሜሪካ የ1974ቱ ሕግ የክሬዲት ካርድ ባንክ ጉዳዩን ቢበዛ በ90 ቀን እንዲጨርስ ያዛል። አቤቱታው ግን ክፍያው ያለበት የመጀመሪያው የሂሳብ መግለጫ ከተላከ በ60 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ባንኩ ዘንድ መድረስ አለበት።

የምሰጋው እዚህ ላይ ነው። «ነገ እንልካለን» የሚል ሱቅ ይህን ጊዜ ሊበላብን ይችላል። ዘመዴም መግለጫው ከመጣ 52 ቀን ጠብቃ ነው ያመለከተችው። በተቃራኒው ሪፈንድ መንገድ ላይ እያለ ቻርጅባክ የሚከፍት ሰው ገንዘቡ ሁለቴ ገብቶለት አንዱ ተመልሶ ይወሰድበታል።

ባንኳ በሁለተኛው ሳምንት 310 ዶላሩን በጊዜያዊነት መልሶላት ነበር፤ እሷም ጉዳዩ ያለቀ መስሏት ነበር። ሱቁ ግን ምንጣፉን እንዳደረሰ የሚገልጽ የመላኪያ ቁጥር አቀረበ። ቁጥሩ ሲታይ እሽጉ የደረሰው እሷ ወደማትኖርበት ከተማ ነበር። ያዘዘችበትን ደረሰኝ ከነአድራሻዋ ላከች፤ በ70ኛው ቀን ጊዜያዊ የነበረው ገንዘብ ቋሚ ሆነላት።