ዘፈኑ አስር ይደርሳል፤ ልጁስ?

ብዙ የአምስት ዓመት ልጆች «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» ብለው ከጀመሩ አስር እስኪደርሱ አይደናቀፉም። ቤተሰብም «ልጃችን መቁጠር ቻለ» ይላል። እዚያው ልጅ ፊት የለስላሳ ጠርሙስ ቆርኪ ከምረው «አራት ስጠኝ» ቢሉት ግን እፍኝ ሙሉ ዘግኖ ሊያቀብልዎት ይችላል። ልጁ ቁጥሮቹን የሚያውቃቸው እንደ ዘፈን ግጥም ነው። ቅደም ተከተላቸውን ይዟል፤ «አራት» የሚለው ቃል ስንት ቆርኪ እንደሆነ ግን ገና አልደረሰበትም።

ሮሼል ጌልማን እና ጋሊስቴል የተባሉ አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1978 ባሳተሙት መጽሐፍ የልጆችን አቆጣጠር በዝርዝር ተንትነዋል። ከዘረዘሯቸው ነጥቦች ሦስቱ ለመዋዕለ ሕፃናት መምህር ዋነኞቹ ናቸው። አንደኛው ቁጥሮችን ሁልጊዜ በአንድ ቅደም ተከተል መጥራት ነው። ሁለተኛው ለአንድ ዕቃ አንድ ቁጥር ብቻ መስጠት ነው። ሦስተኛው ደግሞ መጨረሻ ላይ የተጠራው ቁጥር የሁሉም ብዛት መሆኑን መረዳት ነው። መዝሙር፣ እንቅስቃሴና ጨዋታ በአንድ የትምህርት ዕቅድ ውስጥ የሚገቡት ለዚህ ነው፤ እያንዳንዳቸው ከሦስቱ አንዱን ያስተምራሉ። ከዚህ በታች ያለው የ35 ደቂቃ ዕቅድ የሚጠይቀው ጠመኔ፣ ከበሮ፣ ካርቶንና ቆርኪ ብቻ ነው። ባቄላና ሽምብራ ልጆች አፍንጫና ጆሯቸው ውስጥ ስለሚከቱት ቢቀሩ ይሻላል።

የመጀመሪያዎቹ 8 ደቂቃዎች የመዝሙር ናቸው። ልጆቹ የሚወዱት ማንኛውም የቁጥር መዝሙር ይሆናል፤ በየቁጥሩ አንድ ጣት ይነሳል። አደጋው ቃላቱ ተጣብቀው አንድ ረጅም ቃል መሆናቸው ነው። ይህን ለማወቅ መምህርቷ መዝሙሩን «አምስት» ላይ ድንገት አቁማ «ቀጥሎስ?» ትላለች። ከ«አንድ» ካልጀመረ «ስድስት» ማለት ያቃተው ልጅ ቁጥሮቹን ገና ነጣጥሎ አልያዛቸውም። ስለዚህ መዝሙሩ አንዴ ከመጀመሪያው፣ አንዴ ከአራት፣ አንዴ ከሰባት እየተነሳ ይዘመራል። ከአስር ወደ ታች መዘመር የሚመጣው ይህ ከተለመደ በኋላ ነው።

ቀጥሎ ያሉት 12 ደቂቃዎች በግቢው ውስጥ ያልፋሉ፤ ልጆች በብዛት የሚሳሳቱትም እዚህ ነው። ከአማርኛ ቁጥሮች እስከ አስር ድረስ ባለ አንድ ምት የሆኑት «አንድ» እና «ሦስት» ብቻ ናቸው። ሌሎቹ ሁለት ምት አላቸው፤ ሁ-ለት፣ አ-ራት፣ ሰ-ባት እያሉ ይሄዳሉ። በጣቱ እየጠቆመ የሚቆጥር ልጅ ብዙ ጊዜ የሚከተለው ምቱን ነው። «ሁ» ሲል አንዱን፣ «ለት» ሲል ሌላውን ይነካል። በዚህ መንገድ የሄደ ልጅ አስር ቆርኪ ተደርድሮለት «ስድስት» ላይ ይጨርሳል። ቅደም ተከተሉን አላፋለሰም፤ የሳተው እጁ ነው።

ለዚህ መድኃኒቱ መላ አካልን ማንቀሳቀስ ነው። ጣት በአንድ ቃል ሁለቴ መጠቆም ይቀለዋል፤ በሁለት እግር የሚዘል ልጅ ግን አንዱን ቃል ሳይጨርስ ሌላ ዝላይ ለመዝለል ጊዜ አያገኝም። መምህርቷ ከበሮውን አንዴ ትመታለች፤ ልጁ አንዴ ይዘላል፤ ክፍሉ አንድ ቁጥር ይጠራል፤ ከዚያ ትንሽ ዝምታ ይከተላል። ዝምታው ካጠረ ልጆቹ ወደ ጥድፊያ ስለሚመለሱ ከበሮው መዘግየት አለበት።

የሚዘለውም መሬት ላይ በጠመኔ በተሰመሩና ከ1 እስከ 10 ቁጥር በተጻፈባቸው ሳጥኖች ላይ ነው። ልጆቹ ሰኞ ማክሰኞን ስለሚያውቁት ጨዋታው አይከብዳቸውም፤ ልዩነቱ ሳጥኖቹ ሁሉም በአንድ ቀጥ ያለ መስመር መደርደራቸው ነው። ሮበርት ሲግለር እና ጊታ ራማኒ የተባሉ ተመራማሪዎች አሜሪካ ውስጥ ከዝቅተኛ ገቢ ቤተሰብ የመጡ ሕፃናትን ከ1 እስከ 10 በተደረደረ ሰሌዳ ላይ አጫውተው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጡት ጥናት 15 ደቂቃ ገደማ በሚወስዱ አራት የጨዋታ ክፍለ ጊዜያት ብቻ የልጆቹ የቁጥር ግንዛቤ ተሻሽሏል። በኋላ ሰሌዳውን ክብ አድርገው ሲሞክሩት ግን ተመሳሳይ ውጤት አላገኙም። በቀጥታው መስመር ላይ ትልቁ ቁጥር ከመነሻው ይርቃል፤ ልጁም ርቀቱን በእግሩ ያውቀዋል።

ዳይ ከሌለ ቆርኪ መወርወር ይበቃል። በጀርባው ከወደቀ አንድ እርምጃ፣ ከተደፋ ሁለት እርምጃ ነው። ሦስት ላይ የቆመ ልጅ ሁለት ሲደርሰው «አንድ፣ ሁለት» ብሎ ሳይሆን «አራት፣ አምስት» ብሎ እንዲሄድ ይደረጋል። የሚረግጠውን ሳጥን ስም ካልጠራ ጨዋታው ከተራ ዝላይ አይለይም። አርባ ልጅ ያለበት ክፍል አራት መስመር ያስፈልገዋል፤ በአንድ መስመር ተራ የሚጠብቁት ይሰለቻሉ።

ከዚያ 10 ደቂቃ ሱቅ ይጫወታሉ። ደንበኛው ነጠብጣብ የተሣለበት ካርቶን ይዞ ይመጣል፤ ባለሱቁ በነጠብጣቡ ልክ ቆርኪ ይሰጣል። ደንበኛው ተቀብሎ ራሱ ይቆጥራል፤ ካነሰ «ጎደለ» ብሎ ይመልሳል። የተቆጠረው ወደ ጎን እየተገፋ ከተለየ ልጁ አንዱን ቆርኪ ሁለቴ አይቆጥረውም።

አንዲት ልጅ ሦስት ቆርኪ ቆጥራ ጨረሰች እንበል። «ስንት ናቸው?» ስትባል እንደገና «አንድ፣ ሁለት…» ብላ ትጀምራለች። ጥያቄው ለእሷ «ቁጠሪ» ማለት ነው። እዚህ ላይ መምህርቷ ብዛቱን አስቀድማ ትናገራለች፦ «እነዚህ ሦስት ቆርኪዎች ናቸው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት።» ከዚያ እጇን በሁሉም ዙሪያ አዙራ «ሦስት» ትላለች። ይህ ሲደጋገም ልጅቷ የመጨረሻውን ቃል ከጠቅላላው ጋር ማያያዝ ትጀምራለች።

የመጨረሻዎቹ 5 ደቂቃዎች የመፈተሻ ናቸው። ካረን ዊን የተባለች ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተመችው ጥናት ልጆችን «ይህን ያህል ስጡኝ» እያለች ፈትናለች። ልጆች መጀመሪያ አንድን ብቻ፣ ከዚያ ሁለትን፣ ከዚያ ሦስትን ለይተው መስጠት ይችላሉ፤ ከዚያ በላይ ሲጠየቁ ዝም ብለው ይዘግናሉ። ሦስትና አራትን ከተሻገሩ በኋላ ግን የአቆጣጠሩ ምስጢር ስለሚገባቸው የሚያውቁትን ቁጥር ሁሉ ቆጥረው ይሰጣሉ። ይህ ጉዞ ወራት ይፈጃል፤ በአንድ ሳምንት ከአንድ እስከ አስር ለመጨረስ የሚጣደፍ ዕቅድ የሚያስጨርሰው መዝሙሩን ብቻ ነው።

ስለዚህ መምህርቷ በየቀኑ ስድስት ሰባት ልጆችን ለየብቻ ትጠይቃለች። ከላይ ያየናት ልጅ ሁለት ስትጠየቅ ሁለት ሰጠች፤ ሦስት ስትጠየቅ አንዴ አምስት፣ አንዴ አራት ሰጠች። ከስሟ አጠገብ «2» ይጻፋል። በማግስቱ በሱቁ ጨዋታ የሚደርሳት ባለ ሁለትና ባለ ሦስት ነጠብጣብ ካርቶን ነው፤ ባለ ሰባቱ ይቆያል። ሦስትን ከሦስት ሙከራ ሁለቴ በትክክል ከሰጠች ባለ አራቱ ይጨመርላታል። ጓደኛዋ «5» ከተጻፈለት ደግሞ ስድስትን በአንድ እጅ ጣቶችና በአንድ ተጨማሪ ጣት እያየ ይቀጥላል። ሁለቱም አንድ መዝሙር ይዘምራሉ፤ በአንድ መስመር ላይ ይዘላሉ፤ የሚለያየው ካርቶናቸው ነው።

ቤት ያሉ ወላጆችም ይህንኑ መመዘኛ መያዝ ይችላሉ። ልጁ «እስከ ስንት ትቆጥራለህ?» ከሚባል ይልቅ «ለእራት አምስት ማንኪያ አምጣ» ቢባል፣ ይዞት የሚመጣው ማንኪያ የት እንደደረሰ በግልጽ ይናገራል።