ዓላማው በተማሪው ወረቀት ላይ ሲታይ

ለመጀመሪያ ጊዜ የዕለት ትምህርት ዕቅድ የሚያዘጋጅ እጩ መምህር በዓላማው ቦታ ላይ ብዙ ጊዜ የሚጽፈው «ተማሪዎች ክፍልፋዮችን ማወዳደር ይረዳሉ» የሚል ነው። ችግሩ የሚታወቀው ክፍለ ጊዜው ሊያልቅ ሲል ነው። መምህሩ «ገባችሁ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ክፍሉ በአንድ ድምፅ «አዎ!» ይላል። ለማን እንደገባውና ለማን እንዳልገባው ግን የሚለይበት መንገድ የለውም። መረዳት በልጁ ውስጥ የሚካሄድ ነገር ስለሆነ በዓይን አይታይም። የሚታየው ልጁ ስለገባው መሥራት የቻለው ሥራ ነው።

አሜሪካዊው የትምህርት ባለሙያ ሮበርት ሜገር በ1962 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ የትምህርት ዓላማ ሦስት ነገሮችን መናገር እንዳለበት አስረድቷል፦ ተማሪው ምን እንደሚሠራ፣ በምን ሁኔታ እንደሚሠራ፣ ምን ያህል ከሠራ በቂ እንደሚሆን። ያንኑ የክፍልፋይ ትምህርት በዚህ መንገድ እንጻፈው። «ላዕላቸው 1 የሆነ አራት ክፍልፋዮች ሲሰጧቸው፣ ተማሪዎች ያለ ማንም እገዛ ከትንሹ ወደ ትልቁ በትክክል ይደረድራሉ፤ ከአራቱ የሁለቱን ልዩነትም በሥዕል ያሳያሉ።» «ይደረድራሉ» እና «በሥዕል ያሳያሉ» የሚሉት ግሶች በወረቀት ላይ ውጤታቸው የሚታይ ነው። «ያለ ማንም እገዛ» የሚለው ሁኔታውን፣ «በትክክል» የሚለው ደግሞ መለኪያውን ይነግረናል።

ዓላማው እንዲህ ሲጻፍ የመመዘኛው ጥያቄ አብሮት ይወለዳል። መምህሩ 1/3፣ 1/8፣ 1/2 እና 1/5ን በሰሌዳ ላይ ይጽፋል። ትክክለኛው ድርድር 1/8፣ 1/5፣ 1/3፣ 1/2 ነው። አንዳንድ ልጆች ግን 1/2፣ 1/3፣ 1/5፣ 1/8 ብለው ይጽፋሉ። ይህ የግምት መልስ አይደለም። ከ2 ይልቅ 8 ስለሚበልጥ 1/8ም ከ1/2 ይበልጣል ብለው አስበዋል፤ ታህትን እንደ ተራ ቁጥር ቆጥረውታል። «1/3 እና 1/5 የትኛው ይበልጣል?» ብቻ ተብለው ቢሆን ኖሮ፣ ምንም ያልገባው ልጅም በግማሽ ዕድል ትክክል ይሆን ነበር። አራት ክፍልፋዮችን ግን በ24 ዓይነት ቅደም ተከተል መደርደር ስለሚቻል፣ በግምት ማግኘት ይከብዳል።

ሥዕሉ የተጨመረበትም ምክንያት አለው። «ታህቱ ትንሽ የሆነው ይበልጣል» የሚለውን ሕግ በቃሉ የያዘ ልጅ ድርድሩን ሳይሳሳት ይሠራል። ነገ 2/3 እና 4/5 ሲቀርቡለት ግን በዚያው ሕግ 2/3 ይበልጣል ይላል፤ የሚበልጠው 4/5 ነው። እኩል ርዝመት ያላቸው ሁለት አራት ማዕዘኖች ስሎ አንዱን ለሦስት፣ ሌላውን ለአምስት እኩል ከፍሎ ያሳየ ልጅ ግን ክፍሉ ሲበዛ እያንዳንዱ ቁራጭ እንደሚያንስ ማየቱን አስመስክሯል። የሚታይ ግስ መምረጥ ብቻውን አይበቃም፤ ግሱ የፈለግነውን ችሎታ የሚያወጣ መሆን አለበት።

ጀማሪዎችን የሚያሳስቱ ሁለት አጻጻፎች አሉ። አንዱ «ስለ ክፍልፋይ ማብራራት» የሚለው ነው፤ ይህ መምህሩ የሚሠራው እንጂ ተማሪው የሚደርስበት አይደለም። ሌላው «ተማሪዎች በቡድን ይወያያሉ» የሚለው ነው። ውይይት በዓይን ይታያል፤ ነገር ግን ወደ ዓላማው የሚወስድ ተግባር እንጂ ዓላማው ራሱ አይደለም። ቦታው በዕቅዱ የተማሪ ተግባር ዓምድ ውስጥ ነው። በተጨማሪም ለ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ አንድ ወይም ሁለት ዓላማ ይበቃል፤ አራትና አምስት ከተደረደሩ ለመመዘኛ የሚተርፍ ጊዜ አይኖርም።

ተማሪ በበዛበት ክፍል ሁሉንም መመዘን የማይቻል ሊመስል ይችላል። ለዚህ የመጨረሻዎቹን 5 ደቂቃዎች መተውና እያንዳንዱ ልጅ በቁራጭ ወረቀት ላይ ሠርቶ ሲወጣ እንዲያስረክብ ማድረግ ይረዳል። መምህሩ ወረቀቶቹን ነጥብ ሳይሰጥ በሦስት ይለያቸዋል፦ ድርድሩም ሥዕሉም የተስተካከለ፣ ድርድሩ ብቻ የተስተካከለ፣ ድርድሩ የተሳሳተ። ሦስተኛው ክምር ውስጥ የተገለበጠው ድርድር ከበዛ የነገው ትምህርት ወደ ታህት ትርጉም መመለስ አለበት። ሁለተኛው ከበዛ ደግሞ ልጆቹ ወረቀት እያጠፉና እየከፈሉ እንዲያዩት ማድረግ ያስፈልጋል።

የንባብ ፍቅር ወይም የሰውን ሐሳብ ማክበር በአንድ ክፍለ ጊዜ አይለካም፤ እንዲህ ያለው ግብ በዓመታዊ ዕቅዱ ውስጥ ቦታ አለው። ለዕለቱ ዓላማ ግን ቀላል ፈተና አለ። ዓላማውንና የአንድ ተማሪን ወረቀት ለሌላ መምህር ስጡት። ሳትነግሩት «ይህ ልጅ ደርሷል» ወይም «አልደረሰም» በሚለው ከእናንተ ጋር ከተስማማ ዓላማው በደንብ ተጽፏል። ካልተስማማችሁ ግሱን ወይም መለኪያውን አስተካክሉ።