የባዮጋዝ ጉድጓድ ልኩ ስንት ነው?

ባዮጋዝ ለማስገባት ያሰበ አርሶ አደር መጀመሪያ የሚጠየቀው «ስንት ከብት አለህ?» ተብሎ ነው። መልሱ ግን ብዙ ጊዜ ያሳስታል። መስክ ላይ ሲግጥ የዋለ ከብት የቀኑን እበት እዚያው ጥሎት ይመጣል፤ ማብላያው የሚያገኘው በረት ውስጥ ሲያድር የጣለውን ብቻ ነው። ስለዚህ ለአንድ ሳምንት ያህል የየጠዋቱን እበት በባልዲ መዝኖ አማካዩን መያዝ ይሻላል።

አራት የአገር ከብቶች ያሉትን ቤት እንውሰድ። እያንዳንዳቸው ሌሊቱን 6 ኪሎ ቢጥሉ ጠዋት 24 ኪሎ ይገኛል። ትኩስ እበት በእኩል ውሃ ስለሚበጠበጥ፣ 24 ሊትር ውሃ ሲጨመርበት በየቀኑ ወደ 48 ሊትር ብጥብጥ ይገባል ማለት ነው።

ብጥብጡ ውስጥ ስንት ቀን ይቆይ? ጋዙን የሚያመርቱት ረቂቅ ተሕዋስያን ሙቀት ስለሚወዱ ቆላ ላይ 50 ቀን ቢበቃቸውም፣ ብርዳማ ደጋ ላይ እስከ 80 ቀን ማሰብ ይገባል። 48 በ50 ሲባዛ 2,400 ሊትር፣ በ80 ሲባዛ ደግሞ 3,840 ሊትር ይሆናል። በዚህ ላይ ጋዙ የሚጠራቀምበት ቦታ፣ እዚህ ቤት ወደ 600 ሊትር፣ ይጨመራል። ስንዱ የሚባለው በአገራችን የተለመደው ባለ ጉልላት ማብላያ በ4፣ በ6፣ በ8 እና በ10 ሜትር ኩብ ይሠራል። እንግዲህ እኩል እበት ያላቸው ሁለት ቤቶች፣ የቆላው 4፣ የደጋው 6 ሜትር ኩብ ያስፈልጋቸዋል።

ስሌቱን ሳይታወቅ የሚያፋልሰው ውሃ ነው። ብጥብጡ እንዲቀጥን ተብሎ ውሃው እጥፍ ቢደረግ በቀን 72 ሊትር ይገባል፤ በዚያው የቆላ ጉድጓድ የቆይታው ጊዜ ከ50 ወደ 33 ቀን ይወርዳል። እበቱ ሳይብላላ ይወጣል። ይህን ከመውጫው ማወቅ ይቻላል፤ በደንብ የተብላላ ዝቃጭ ሽታው ቀላል ሲሆን፣ ያልተብላላው የእበት ሽታውን እንደያዘ ነው፤ ጋዝም እዚያው መውጫው ላይ ይንተከተካል። ውሃው ሲያንስ ደግሞ ወፍራሙ ብጥብጥ መግቢያውን ይደፍናል፤ ላዩም ይጋገርና ጋዝ ያፍናል።

«ለማንኛውም ትልቁን እንሥራው» የሚለው አስተያየትም አያዋጣም። ጋዝ የሚሰጠው እበቱ እንጂ ጉድጓዱ አይደለም፤ 10 ሜትር ኩብ ተሠርቶ 24 ኪሎ ቢመገብ ለመጀመሪያ ሙሊት ብቻ ብዙ ቶን እበት ይፈልጋል፤ ሲሚንቶውም በከንቱ ይባክናል።

አንድ ኪሎ ትኩስ እበት ወደ 40 ሊትር ጋዝ ይሰጣል ብንል፣ የዚህ ቤት 24 ኪሎ በቀን 960 ሊትር ገደማ ነው። በሰዓት 400 ሊትር የሚወስድ ምድጃ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ይነድበታል። ለወጥና ለቡና ይበቃል፤ የእንጀራ ምጣድ ግን ብዙ ጋዝ ስለሚበላ፣ እሱንም የሚፈልግ ቤት ጉድጓድ ከማስፋቱ በፊት ከብቶቹን አስሮ መቀለብ ይኖርበታል።