ለአንድ ሰው ብቻ የተጻፈ ኢሜይል

«ክቡር ደንበኛችን፣ ድርጅታችን ዘመናዊ የድረ ገጽ አገልግሎት በጥራት በመስጠት ይታወቃል…» ብሎ የሚጀምር ኢሜይል የሚደርሰው ሰው፣ ለእሱ እንዳልተጻፈ ገና ከመጀመሪያው መስመር ያውቃል።

አንድ ድረ ገጽ ሠሪ ባሕር ዳር ላለች የእንግዳ ማረፊያ ባለቤት ሊጽፍ ነው እንበል። ከመጻፉ በፊት የማረፊያዋን ገጽ በስልኩ ከፍቶ አሥር ደቂቃ ያያል። የክፍል ዋጋ አልተጻፈም፤ የስልክ ቁጥሩም ሲነኩት አይደውልም። ደብዳቤው የሚጀምረው ከዚህ ነው። ርዕሱን «በገጽዎ ላይ ስላለው ስልክ ቁጥር» ይለዋል፤ ባለቤቷን በስማቸው ጠርቶም እንዲህ ይጽፋል፦

«ጤና ይስጥልኝ። ትናንት ገጽዎን በስልኬ ስከፍት ቁጥሩን ብነካውም አልደወለም፤ የክፍል ዋጋም አላገኘሁም። ክፍል የሚፈልግ እንግዳ እዚህ ላይ ተስፋ ቆርጦ ወደ ሌላ ማረፊያ ሊሄድ ይችላል። ሁለቱን እንዴት እንደማስተካክል በአንድ ገጽ ልላክልዎት?»

ስለ ራሱ የሚለው ሁሉ ከፊርማው ሥር ይገባል፦ ስም፣ ሙያ፣ ስልክ። የሚጠይቀውም አንድ ነገር ብቻ፣ «አዎ» ተብሎ የሚመለስ ነው። ገና ያልተዋወቁትን ሰው ለግማሽ ሰዓት ስብሰባ መጋበዝ ግን ይከብዳል።

መፈተኛው ቀላል ነው። የሌላ ማረፊያ ስም ተክተው ያንብቡት። ዓረፍተ ነገሩ ሳይናጋ ከቆመ፣ አሁንም የጅምላ ደብዳቤ ነው። ስሙን ብቻ መቀየር ወይም ያላዩትን ሥራ ማድነቅ አያድነውም። መልስ ካልመጣ ከሳምንት በኋላ አንድ ጊዜ በአጭሩ ያስታውሱ፤ ከዚያ በላይ መነዝነዝ ነው።